ፎቶው ቬኒስን ይመስላል፤ ግን የት ነው የተነሳው?

«ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜን አንድ ደላላ ጣሊያን እልክሃለሁ ብሎ ይዞታል። አምና ልኬዋለሁ የሚለውን የአጋሮ ልጅ ፎቶም አሳየን። ልጁ ቦይ ዳር ቆሟል፤ ከኋላው ድልድይና ቀለማቸው ደማቅ የሆኑ ቤቶች አሉ። ዲሴምበር ላይ ቬኒስ የተነሳው ነው ይላል። እኔም በጉግል ብፈልገው ‹ቬኒስ› አለኝ። ዶሃ ሠርታ የመጣች ጓደኛዬ ግን በፍጹም አይደለም ትላለች። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። እንዴት ነው የማረጋግጠው? — ከጅማ፣ ኮቺ»

እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። ይህ ፎቶ ዶሃ ነው የተነሳው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ቀስ ብዬ ልንገርሽ፤ አንቺ ማመንሽ ብቻ አይበቃምና። ወንድምሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ፎቶው ላይ ጣትሽን እያሳረፍሽ ልታሳዪው ይገባል። «አንድ ሰውዬ እንዲህ አለኝ» ካልሽው ደላላው በሁለት ደቂቃ ያስረሳዋል።

መጀመሪያ የጉግልን ነገር እንጨርስ። በፎቶ ስትፈልጊ የሚወዳደረው መልክ ነው። የመስኮቱ ቅስት፣ የግድግዳው ቀለም፣ የድልድዩ ቅርጽ፣ ቤትና ውሃ ጎን ለጎን መሆናቸው። እነዚህ አንድ ላይ ሲገኙ አብዛኛውን ጊዜ «ቬኒስ» ተብለው በተለጠፉ ፎቶዎች ላይ ነው። ስለዚህ «ቬኒስ» የሚል መልስ ይመጣል። ያንን ሰፈር የሠሩት ሰዎችም የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ ያየው ሁሉ ቬኒስ እንዲል ብለው ነው የገነቡት። ስለዚህ ጉግል የነገረሽ ፎቶው ምን እንደሚመስል ነው። የት እንደተነሳ አልነገረሽም።

ቬኒስን የሚመስል ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ላስ ቬጋስ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሆቴል ቦይም፣ ጀልባም፣ ድልድይም አለው። በ2007 ቻይና ውስጥ ባለችው ማካው ላይም ተመሳሳይ ተከፈተ። ዶሃ ራሷ ሁለት አላት። አንደኛው ቪላጆ የሚባለው የገበያ ማዕከል ነው። ጣሪያው ሰማይ መስሎ ተቀብቷል፤ በሱቆቹ መሃል ጀልባ የሚንሳፈፍበት ቦይ ያልፋል። ሁለተኛው ዘ ፐርል የተባለው ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ጣሪያ የለውም፤ ፀሐዩም የባሕሩም ውሃ እውነተኛ ናቸው። ሰው ይኖርበታል፤ መስኮት ላይ መጋረጃ፣ በረንዳ ላይ ወንበር ታያለሽ። ሰው የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። የአንቺም ፎቶ የተነሳው እዚሁ ነው።

እኛ ጅማም ፎቶ ቤት ገብተን ካዕባ ወይም ፏፏቴ የታተመበት መጋረጃ ፊት ቆመን እንነሳለን። ማንም አይሳሳትም፤ የመጋረጃው እጥፋት እግራችን ሥር ይታያላ። በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ መጋረጃ ግን እጥፋት የለውም። እጥፋቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

የት እንደምንፈልግ የጅማ በርጩማ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ከአንድ ግንድ የተቀረጸውንና ተጣብቆ የተሠራውን ከላይ ብታዪ አትለያቸውም፤ መቀመጫው ያው መቀመጫ ነው። ገልብጠሽ ሆዱን ነው የምታዪው። የሚያስመስል ሰው ድካሙን የሚያፈሰው ዓይን ቶሎ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ሥራ የተኮረጀውን መሸፈን ነው። ፎቶውን ስክሪንሹት አድርጊና ድልድዩን፣ ቅስቶቹን፣ ጀልባውን በጥቁር ቀለም ቀቢያቸው። ስለ ቬኒስ ይናገራሉ ያልናቸው ነገሮች ሁሉ ይጥፉ። የቀረውን እንይ። የሚቀረው መሬቱ፣ የቤቶቹ አቀማመጥ፣ ከጣሪያ በላይ ያለው ሰማይ፣ ጥላው፣ እንዲሁም ጽሑፍ ካለ ጽሑፉ ነው። እነዚህን ማንም ከጣሊያን ጭኖ ሊያመጣቸው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኮራጁ ሊያመጣው ካልቻለው ሌላ፣ ራሱ የጨመረውም አለ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ2010 መጨረሻ የነጻነት ሐውልትን ፊት የያዘ ቴምብር አወጣ። ምስሉ ከተገዛ ፎቶ የተወሰደ ነበር። ቴምብሩ በቢሊዮን በሚቆጠር ቁጥር ተሸጠ። በ2011 አንድ የቴምብር ሰብሳቢ ልብ ብሎ ሲያየው ሐውልቱ የኒውዮርኩ አልሆነም። ላስ ቬጋስ አንድ ሆቴል ፊት የቆመው፣ መጠኑ ግማሽ የሆነው ቅጂ ነበር። ያሳበቀው ዘውዱ ላይ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ነገር ናት። ዋናው ሐውልት እሷ የለችውም። የቅጂው ፊትም ከዋናው ይልቅ ጠርቶ የተቀረጸ ነው። ቀራጩ ሥራዬ ያለፈቃድ ወጣ ብሎ ከሰሰ፤ በ2018 ፍርድ ቤት ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ፈረደለት። ፎቶውን የመረጡት ባለሙያዎች ነበሩ። ሐውልቱን ስለሚያውቁት ደግመው አላዩትም። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በደንብ የምናውቀውን ነገር ስናይ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ፎቶ እንመለስ። ከኋላው በስተግራ ስድስት ቤቶች ተደርድረዋል። አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተሠራ ይመስላል። ስልክሽን ወደ ጎን አጋድሚና ፎቶውን አስፊው። አሁን አንድ ወረቀት ወስደሽ ጠርዙን ከመጀመሪያው ቤት ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ግርጌ ላይ አስይዢው። ጠርዙን ተከተዪ። በሁለተኛው ቤትም፣ በሦስተኛውም፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ የመስኮቶቹን ግርጌ ሳይስት ይሄዳል። ሦስተኛ ፎቅ ላይም ድገሚው፤ ያው ነው። ይህ የሚሆነው ከቀለሙ ጀርባ ያለው ሕንፃ አንድ ስለሆነ ነው። አንድ ሶሌታ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ፊቱ ብቻ ስድስት ቤት ተደርጎ ተከፋፍሏል።

እውነተኛው ቬኒስ ላይ ይህ አይገጥምሽም። ጎረቤታሞቹ ቤቶች በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ባለቤት፣ በተለያየ አቅም የተሠሩ ናቸው። የአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ከጎረቤቱ በክንድ ከፍ ይላል፤ የሌላው ዝቅ ይላል። መሠረቱ ጭቃ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ስለሆነ አንዳንዱ ግድግዳ ዘንበል ብሏል። ልስኑ ተልጦ ጡቡ የሚታይበትም ብዙ ነው። በእኔ ልምድ ቀለምና ቅስት ያሞኛል፤ የፎቅ መስመር ግን አያሞኝም። የተኮረጀ ሰፈር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሌላም አለ፦ የመጀመሪያውን ቤትና አምስተኛውን አስተያዪ። የመስኮት ጌጡና የበረንዳው ብረት አንድ ዓይነት ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል።

ከውሃው ጠርዝ ላይ ምንም አረንጓዴ መስመር የለም፤ ድንጋዩ ንጹሕ ነው። ቬኒስ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ስለሚል ግድግዳው ግርጌ ላይ ሻጋታ የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ ቀበቶ ያበጃል። ግን በዚህ ላይ ብቻ አትደገፊ። አዲስ የታደሰ ዳርቻ ቬኒስም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዶሃም ማዕበል አላት። ይህ ጥርጣሬን የሚጨምር እንጂ ነገር የሚቆርጥ አይደለም።

አሁን ከቤቶቹ በላይ ተመልከቺ፤ በቀኝ በኩል ላይኛው ጥግ። ደብዘዝ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ መስታወት የለበሰ ነገር ጠርዝ ይታያል። ፎቶውን ያነሳው ሰው ቆርጦ ሊያወጣው ሞክሯል መሰለኝ፤ ትንሽ ቀርታለች። ያ የፎቅ ሕንፃ ነው፤ ቢያንስ ሃያ ፎቅ። የድሮዋ ቬኒስ ከተማ ውስጥ የመስታወት ፎቅ የለም። ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው የቅዱስ ማርቆስ የደወል ማማ ነው፤ 98 ሜትር ከምናምን። እሱም በጡብ የተሠራ፣ ጫፉ ሾጣጣ ነው። ዘ ፐርል ላይ ግን ከዝቅተኞቹ ባለቀለም ቤቶች ጀርባ ረጃጅም ፎቆች ተደርድረዋል። የተኮረጀ ቦታ ሁልጊዜ የሚያልቅበት ጠርዝ አለው፤ ጠርዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣሪያ በላይ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ጥላው። ይህን እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ እዚሁ ደጅሽ ላይ ልትሞክሪው ትችያለሽ። አንድ ሜትር የሆነ ዱላ ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገሽ ብታቆሚ፣ ጅማ ላይ ጥላው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፀሐይዋ በዓመቱ ዝቅ ብላ በምትሄድበት ወቅት እንኳ እኛ ጋ ጥላ ከባለቤቱ ያጥራል። ያው ዱላ በዚያው ዕለት በእኩለ ቀን ዶሃ ላይ 1 ሜትር ከ14 ይሆናል። ቬኒስ ላይ ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ያልፋል። ወደ ሰሜን በራቅሽ ቁጥር የዲሴምበር ፀሐይ ከአድማስ ብዙ አትነሳም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥላው ከዚህም ይረዝማል። ዲሴምበርን ሙሉ ብትሄጂበት፣ በየትኛውም ቀን በየትኛውም ሰዓት፣ ቬኒስ ላይ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ ከ2 ሜትር ከ35 አያጥርም።

ልጁ ሜዳ በሆነ ንጣፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጥላው ወደ ጎኑ ወድቋል፤ ወደ ካሜራው አይመጣም፣ ከካሜራውም አይሸሽም። ይህ ዕድል ነው፤ እንዲህ ሲሆን ርዝመቱ ብዙ አይዛባም። በኮምፒውተሬ አስፍቼ በማስመሪያ ለካሁት። ልጁ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ጥላው 8 ሳንቲ ሜትር። ስምንትን ለስድስት ስታካፍዪ 1.3 ገደማ ይመጣል። ቬኒስ ቢሆን ኖሮ ጥላው በማስመሪያዬ ላይ ቢያንስ 14 ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረበት፤ ከፎቶው ወጥቶ ይሄድ ነበር። በአለካኬ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብሳሳት እንኳ ከስምንት ወደ አሥራ አራት አያደርሰኝም። ዶሃ ላይ ግን 1.3 በዲሴምበር ልክ የሚገጥም ነው፤ ከእኩለ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ወይም ዘግየት ሲል።

ግን ጥላው ምን እንዳረጋገጠ በደንብ ለዪ። ያረጋገጠው «ዲሴምበር» እና «ቬኒስ» አብረው እንደማይሄዱ ነው። ነገ ደላላው «ኧረ ዲሴምበር አይደለም፣ ማርች ነው» ቢልሽ ይህ ማስረጃ ይወድቃል። በማርች መጨረሻ ቬኒስ ላይ ከዚህም ያጠረ ጥላ አለ። ስለዚህ ስታናግሪው ወሩን እሱ ራሱ ቀድሞ ይናገር፤ ቢቻል በጽሑፍ። ጥላውን አስቀድመሽ አታንሺበት።

እስካሁን ያገኘነው «ቬኒስ አይደለም» የሚል ነው። እሱ ግማሽ መንገድ ነው። «አይደለም» ብሎ ማቆም አደገኛ ነው፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ከራሴ እነግርሻለሁ። «ታዲያ የት ነው?» ለሚለው መልስ ሲገኝ ነው ሰው የሚረካው። ጓደኛሽ ዶሃ ሠርታ ስለመጣች እኔ ከዚያ ጀመርኩ። ጉግል ማፕ ላይ Qanat Quartier ብለሽ ጻፊ፤ የሰፈሩ ስም ነው። ከላይ የተነሳውን የሳተላይት ምስል ክፈቺ። ቦዮቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው። የቬኒስን ብትከፍቺ ትልቁ ቦይ እንደተገለበጠ «S» ተጠማዞ ከተማውን ለሁለት ይከፍላል፤ ትንንሾቹ ቦዮች ደግሞ እንደ ደም ሥር ተበታትነዋል።

ከዚያ ሰዎች የለጠፏቸውን የሰፈሩን ፎቶዎች አገላብጪ። የምትፈልጊው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ነው፦ ያንኑ ድልድይ፣ ከድልድዩ በስተግራ ያንኑ የቀለም ቅደም ተከተል፣ ከጣሪያው በላይ ያንኑ የፎቅ ጠርዝ። አንዱ ብቻ ቢገጥም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ድልድዩ ራሱ ሪያልቶ የተባለው የቬኒስ ድልድይ አምሳያ ስለሆነ ማካውም ላስ ቬጋስም ሊመስል ይችላል። ሦስቱ በአንድ ፎቶ ላይ በዚያው ቅደም ተከተል ሲገጥሙ ግን ሌላ ቦታ የለም። እኔ ሦስቱንም አንድ ጎብኚ በለጠፈው ፎቶ ላይ አገኘኋቸው። ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቡናማ። አንቺም ታገኚዋለሽ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ስለ ሪያልቶ ካነሳን፣ ደላላው «ድልድዩን አታዪም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። እውነተኛው ሪያልቶ በ1591 የተጠናቀቀ የድንጋይ ድልድይ ነው። ላዩ ላይ በሁለት ረድፍ ሱቆች አሉት፤ ሰው የሚሄደው ደግሞ በደረጃ ነው። በትልቁ ቦይ ላይ ያሉት ድልድዮች አራት ብቻ ናቸው፤ ሱቅ የተሸከመው ሪያልቶ ብቻ ነው። ከልጁ ጀርባ ያለው ድልድይ ቅስቱ ይመስላል እንጂ የሱቅ ረድፍ የለበትም። ስፋቱንም ከላዩ ከሚሄዱት ሰዎች ቁመት ጋር አስተያዪው። የሪያልቶ ቅስት ከዳር እስከ ዳር ወደ 28 ሜትር ነው፤ ያ ማለት አሥራ ስድስት ሰው ጫፍ ለጫፍ ቢጋደም ማለት ነው። ይሄኛው ሰባትም አይሞላ።

አሁን ቃል የገባሁልሽን የራሴን ስህተት ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጃቸው የላከላቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። ልጃቸው አንድ ትልቅ የአውሮፓ ሕንፃ ፊት ቆሟል። የሕንፃው መስኮቶች ጥልቀት አልነበራቸውም። ፀሐይ ከጎን እየመታ እንኳ የመስኮቱ ጠርዝ ጥላ አይጥልም፤ ቅስቱ ጠፍጣፋ ነው። «እማማ፣ ይሄ ለፊልም የተሠራ ወይም የተቀባ ግድግዳ ነው» አልኳቸው። ልጁ ዋሽቷቸዋል ብለው አዝነው ሄዱ። በኋላ ልጁ በቪዲዮ ደውሎ ቦታውን አሳያቸው። ሕንፃው እውነተኛ ነበር፤ እድሳት ላይ ስለነበረ የራሱ ምስል በታተመበት ትልቅ ሸራ ተሸፍኗል። አውሮፓ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። እኔ ያየሁት ነገር ልክ ነበር፤ ጠፍጣፋ ነበር። የደረስኩበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነበር፤ «አይደለም» ብዬ ቆምኩ፤ «ታዲያ የት ነው?» ብዬ አልፈለግሁም። አንዲት እናት በእኔ የተነሳ ሦስት ሳምንት ልጃቸውን አላናገሩም። ከዚያ ወዲህ ቦታውን ራሱን ሳላገኝ «ውሸት ነው» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

«አዲስ ስለሚመስል ውሸት ነው» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። ቅድም ያነሳሁት የቅዱስ ማርቆስ ማማ በ1902 ተንዶ ወድቋል። አሁን የቆመው በ1912 እንደ ቀድሞው ተደርጎ እዚያው ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ቅጂ ነው፤ ግን ቬኒስ ነው።

ለፊልም የተሠሩ መንደሮችንና ተመሳሳይ ጎዳናዎችን በአጭሩ ልንካ፤ ወንድምሽ ሌላ ፎቶ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ስለ 1993ቱ የሞቃዲሾ ውጊያ የተሠራው የሆሊውድ ፊልም የተቀረጸው ሞሮኮ ውስጥ፣ ራባትና ሳሌ ነው። ከፊልሙ አንድ ምስል ቆርጦ ለሚያሳይሽ ሰው ሞቃዲሾ ይመስላል። ይህ ከዶሃው ይለያል፤ ጎዳናው እውነተኛ ጎዳና ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ለፊልም ብቻ የተሠራ ግድግዳ ሲሆን ደግሞ የሚጎድለው የኑሮ ምልክት ነው። ቆጣሪ የለም፣ የመብራት ሽቦ ወደ ቤቱ አይገባም፣ ደጃፉ በእግር አልተበላም፣ በላይኛው መስኮት በኩል ክፍል ሳይሆን ሰማይ ይታያል።

ተመሳሳይ ጎዳና ግን ማንም ሳይኮርጅ የሚመጣ ነው፤ ለእኛ ቅርብ ነው። በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ ጥጋቸው ክብ የሆኑ፣ በረንዳቸው አግድም የተሰመረ ቤቶች እዚህ ጅማ አሉ፤ ጎንደርም አሉ፣ አስመራም አሉ። የአንድ ዘመን ሰዎች በአንድ ስልት ነው የሠሯቸው። አንድ ጊዜ «የድሮው የጅማ ፈረንጅ አራዳ» ተብሎ የመጣልኝ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ከጣሪያው ጀርባ የቤተ መንግሥት ግንብ ጫፍ ብቅ ብሎ ነበር። ጎንደር ነው። ያመጣው ሰው የጅማ ተወላጅ ነው፤ ቤቱን አውቀዋለሁ ብሎ ምሎ ነበር። እዚህ የፎቅ መስመር አይረዳሽም፤ ቤቶቹ ሁሉም እውነተኛ ናቸውና። የሚረዳሽ ከጣሪያ በላይ ያለው የተራራ ቅርጽና የመንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው።

ለደላላው የምትዪውን ልጨርስልሽ። ከፎቶው ማወቅ የቻልነው ልጁ አንድ ቀን ዶሃ እንደቆመ ነው። ልጁ ዛሬ ጣሊያን የለም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው በዶሃ በኩል ያልፋል፤ እዚያ ሠርቶ ሌላ አገር የሄደም አለ። ልጁ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ምንም ላያውቅ ይችላል፤ ፎቶው ከፌስቡክ ገጹ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በልጁ ላይ ክፉ ቃል አታውሪ። ዋሸ የምትዪው ካለ ፎቶውን «ቬኒስ» ብሎ ያሳያችሁን ሰው ነው።

ደላላውን ሦስት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ ዋናው፣ ከስልኩ እንደወጣ። እንደ ፎቶ ሲላክ የተነሳበት ቀንና ቦታ መረጃ ይጠፋል። እንደ ፋይል ሲላክ፣ ካለ፣ ሊቆይ ይችላል። ያም ሊስተካከል የሚችል ስለሆነ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጥያቄ መነሻ ያዢው። ሁለተኛ፣ የልጁን ስልክ ይስጣችሁና ራሳችሁ ደውሉ። ደላላው ራሱ ደውሎ «እንካችሁ አናግሩት» ቢል አይሆንም።

ሦስተኛውን ለልጁ ነው የምትጠይቂው፤ ከተገኘ። በቪዲዮ ሆኖ ውሃ ዳር ይውጣና ካሜራውን ዙሪያውን ያዙረው፤ ሳያቋርጥ። ከዚያ ወደ ቅርቡ የውሃ አውቶቡስ ማቆሚያ ይሂድ። ቬኒስ ላይ ማቆሚያው ነጭ ሆኖ ቢጫ መስመር አለው፤ ስሙም ተጽፎበታል። የቤት ግድግዳ ላይም የመንገዱ ስም በነጭ ቅብ ላይ በጥቁር ፊደል ተጽፎ ይታያል። ሁለቱን ስሞች ያንብብላችሁ፤ እናንተ እዚህ ካርታው ላይ አስተያዩ። ቬኒስ ያለ ሰው ይህን ለማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም።

ይህ እስኪሆን ወንድምሽ አንድ ብር እንዳይከፍል። ከፍሎ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙንና ከደላላው ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አሁኑኑ ስክሪንሹት አድርጊና በሌላ ስልክ ላይ አስቀምጪ፤ ቴሌግራም ላይ እሱ ከራሱ በኩል ቢያጠፋው ከእናንተም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። የልኬቱን መስመር ያሰመርኩበትን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ወንድምሽ ካላመነ ማስመሪያ ይዞ ራሱ ይለካው።